የሰባት ሰዓት ከአስሩ ዕቅድ

ሶዳም መጋቢት ላይ በኮሪያ ጆንጁ ከተማ፣ ፈተና የሚደግሙ ተማሪዎች ከሚያጠኑበት ጥናት ቤት ጠባብ ክፍል ስትከራይ ጓደኞቿ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ስልኳን ለጥናት ቤቱ ጠባቂ ለእትዬ ኦክሱን አስረከበች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ቃል «አመሰግናለሁ» ብቻ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን እሱም አይወጣም።

የተመኘችው የነርስነት ትምህርት ቤት ከሁለት ትምህርቶች የሚደመረው ደረጃ ከስድስት እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በብሔራዊ ፈተናው አንድ የላይኛው፣ ዘጠኝ የታችኛው ደረጃ ነው። እሷ በኮሪያኛ አራት፣ በእንግሊዝኛ ሦስት አምጥታ በአንድ ወደቀች። እንግሊዝኛዋ ሰባ ስምንት ነበር፤ ሰማንያ ቢሆን ሁለተኛ ደረጃ ይሆንላት ነበር።

ቁጭቷ ግን ዕቅዷን አሳበጠው። ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት በየወሩ አራት የሒሳብ መጽሐፍ፣ እስከ መስከረም በሁሉም ትምህርት አንደኛ ደረጃ ይላል። እንግሊዝኛ ለምሽት ተመደበ።

የሰኔው የሙከራ ፈተና ውጤት ሲመጣ እንግሊዝኛዋ ሰባ ስድስት ነበር። ሒሳቧም ከአምስተኛ ደረጃ አልተነቃነቀም። እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ እትዬ ኦክሱን የተቆረጠ ሐብሐብ ይዘው ገቡ። ወረቀቱን አነበቡና ይሄ የአንድ ሰው ዕቅድ ነው ወይስ የሚያግዙሽ መንትያ እህቶች አሉሽ ብለው አፌዙባት። ቀጥለውም፣

«እንግሊዝኛው በስንት ሰዓት ነው የሚፈተነው?»

«ከምሳ በኋላ። ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ።»

«ልጄ፣ በዚያ ሰዓት እኔ የማይሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተሽ ተኝተሽ ነው። በየቀኑ።»

ሶዳም በአራት ወር ውስጥ ሰው ሲያያት እንደኖረ ያወቀችው ያኔ ነው። ዕቅዱን ቀደደችው።

አዲሱ አጭር ነበር። ግቡ እንግሊዝኛ ሰማንያ፣ ኮሪያኛ ባለበት። ሐምሌ ምሳ ተቀንሶ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ አሥራ ሰባቱ የማዳመጥ ጥያቄዎች፤ ከሒሳብ ቀላል ቀላሉ ብቻ። ነሐሴ ላይ የንባቡ ሃያ ስምንት ጥያቄ ተጨመረ፣ ሁሉም በሰባ ደቂቃ። መስከረም የሙከራ ፈተና፦ ሰማንያ አንድ። ጥቅምት፣ ዋናው ፈተና ሐሙስ ስለሚውል፣ በየሐሙሱ ሙሉ ፈተና፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ጀምሮ። ኅዳር አዲስ ነገር የለም፤ እንቅልፍ።

በፈተናው ዕለት ማዳመጡ ሲጀመር አውሮፕላን እንኳ አይበርም። ሶዳም አገር በሙሉ ለአንድ ድምፅ ዝም ማለቱ ገረማት። ብቻዋን የኖረችበት ጸጥታ ያን ጊዜ የሁሉም ሆነ። አልተኛችም።

ታኅሣሥ ላይ ውጤቷን ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ ወሰደች። ኮሪያኛ አራት፣ እንግሊዝኛ ሁለት፤ ድምሩ ልክ ስድስት። ኮሪደሩ ላይ የምታሳየው ሰው አልነበረም። ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ ጥናት ቤቱ ሄደች፤ እትዬ ኦክሱን ምሳቸውን እየበሉ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከአስር ይላል።


«ነቅቻለሁ» አለቻቸው።