አራት ጊዜ ብቻ የተወዛወዘችው ጀልባ

የጋሳዩ አናጢ ወልደሚካኤል ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የሦስት ቤተ ክርስቲያን በሮች ሠርቷል። እጁ የተመሰገነ ነበርና፣ ንጉሡ በጋፋት መድፍ ማሠራት በጀመሩ ጊዜ ለመድፉ ጋሪ መንኮራኩር እንዲሠራ ወደ ደብረ ታቦር ተወሰደ። ሚስቱን ትርንጎን አስመጥቶ እዚያው አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። ከሙሴ ያኮብ ጋር የተዋወቀውም በጋፋት ነው። ሙሴ ያኮብ በወጣትነታቸው በአገራቸው መርከብ ሲሠሩ የኖሩ ፈረንጅ ናቸው። አማርኛቸው ይሰባበራል፤ ሥራ ሲበላሽ ግን ስድባቸው አንድም ቃል አይጎድለውም።

በ፲፰፻፶፯ ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከጣና ማዶ እህል የምታመላልስ የሳንቃ ጀልባ ትሠራ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ቆራጣ ወረዱ። የሥራው የበላይ አዛዥ ገብረየሱስ የሚባሉ ሹም ነበሩ። ታንኳ እየቀዘፈ ያደገ፣ የሐይቁን ነፋስ ሁሉ የሚያውቅ ወርቁ የሚባል የቆራጣ ሰው ደግሞ ለቀዛፊነት ተመረጠ። ወርቁና ወልደሚካኤል አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ወዳጆች ሆኑ። አናጢው የሚያድረውም የሚበላውም ከወርቁና ከሚስቱ ከፈንታነሽ ቤት ነበር።

ጀልባዋ ርዝመቷ ዐሥራ ስምንት ክንድ፣ ወርዷ አምስት ክንድ ሆኖ፣ ሆዷ ክብ ተደርጎ ታነጸች። ሳንቃው ከዋንዛ፣ ምስማሩ ከጋፋት መጣ። ወደ ውሃ ከመውረዷ በፊት ሙሴ ያኮብ ከሆዷ ውስጥ ዘጠና ትልልቅ ድንጋይ እንዲደረደር አዘዙ።

ወልደሚካኤልን ገረመው። «ሙሴ፣ ቀላል እንድትሆን ስንደክም ከርመን አሁን ድንጋይ እንጫንባት?»

ሙሴ ያኮብ አልተቆጡም። ከቁራጭ እንጨት ክንድ የማትሞላ ጀልባ ጠርበው፣ መሐሏ ላይ ቀጭን ዘንግ ተክለው፣ ውሃ የሞላ ገበታ ላይ አኖሯት። የጠመንጃ እርሳስ ከዘንጉ ግርጌ አሰሩና በጣታቸው ገፋ አደረጓት። ትንሿ ጀልባ ቶሎ ቶሎ ተንቀጥቅጣ ቀጥ አለች።

«የጀልባው ክብደት ሁሉ አንድ ቦታ እንደተሰበሰበ ቁጠር» አሉ። «እዚያ ሆኖ ወደ ታች ይጫናል። ውሃው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ከየት ይገፋል? ውሃ ውስጥ ከገባው ሆዷ መካከል። ስታዘነብል በዘመመችበት በኩል ብዙ ሆድ ይገባል፤ በሌላው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ግፊቱም ወደ ዘመመችበት ይሄዳል። ከዚያ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ላይ ሳብ። የጀልባዋን የመሐል መስመር የሚቆርጥበትን ነጥብ ያዝ።»

ለነጥቡ የአገራቸውን ስም ጠሩለት። ወልደሚካኤል ስሙን መያዝ አልቻለምና «የመመለሻ ነጥብ» አለው።

«ጥሩ ስም ነው» አሉ ሙሴ ያኮብ። «ክብደቱ ከመመለሻው ነጥብ በታች ከሆነ፣ ውሃው ያቃናታል። በጣም በታች ከሆነ በኃይል ያቃናታል፤ ሰው ይናጣል፣ ግን ይድናል። ክብደቱ ወደ ነጥቡ ከተጠጋ...» እርሳሱን ከዘንጉ ወገብ ላይ አሰሩ። ጀልባዋ ስትገፋ በቀስታ ዘመመች፤ ቆየት ብላ በቀስታ ተመለሰች። ሲያዩዋት ታምር ነበር። «አሁን ሰው ይወዳታል» አሉ። ከዚያ እርሳሱን ጣት የምታህል ብቻ ከፍ አደረጉት። ትንሿ ጀልባ ማንም ሳይነካት ወደ ጎን ተኛችና ተገለበጠች።

በማግስቱ ትልቋን ጀልባ ጸጥ ካለ ውሃ ላይ ሆነው በሰው ጉልበት አወዛወዟትና ለቀቋት። ወልደሚካኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጀልባዋ ሄዳ የተመለሰችው ዘጠኝ ጊዜ ነው።

«ዘጠኝ ደህና ነው» አሉ ሙሴ ያኮብ። «ሰባት ከሆነ አስብበት። ከአምስት ካነሰ ሰው አታሳፍር። ጭነት በተለወጠ ቁጥር ቁጠር።» ከዚያ ለመድፍ ሥራ ተፈልገው ወደ ጋፋት ተመለሱ። ጀልባዋን ለወልደሚካኤል ተዉለት።

አዛዥ ገብረየሱስ መጀመሪያ የተሳፈሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ጀልባዋ ሞገዱን ተከትላ ግራና ቀኝ ትናጥ ጀመር። አዛዡ በሎሌዎቻቸው ፊት አስመለሳቸው፤ ሻሻቸው ወልቆ ውሃ ውስጥ ገባ። ከጀልባው ሲወርዱ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሲስቁ አይተዋል።

ወልደሚካኤልን አስጠሩት። «ይህች በቅሎ ናት ወይስ ጀልባ? ለጥር ሥላሴ ንግሥ ቤተሰቤን ይዤ ሐይቁ ውስጥ ወዳለው ደሴት እሻገራለሁ። ድንጋዩን አውጣልኝ። ከላይ ዳስ ሥራ፣ ሰው አየር እያገኘ ይቀመጥ።»

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ ነው የሚያቃናት። ሙሴ ያኮብ...»

«ሙሴ ያኮብ እዚህ የሉም። አንተ ነህ ያለኸው። ሥራውን ካሳመርህልኝ የባሕር አለቃ ተብለህ ትሾማለህ። ጋሳይ ላይም መሬት አስጨምርልሃለሁ።»

ወልደሚካኤል ከዘጠናው ድንጋይ ስድሳውን አወጣ። ከላይ ወለል ዘርግቶ፣ አግዳሚ ሠርቶ፣ የሸማ ዳስ ተከለበት። ኋላ እንደተናገረው፣ በዚያ ሳምንት ያስገደደው የአዛዡ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሰው ሁሉ «የኛ አናጢ ፈረንጁን በለጠው» ሲል ሰማ፤ መስማቱም ደስ አለው።

ጀልባዋ በእርግጥ አማረች። ሞገድ ሲመጣ በእርጋታ ዘንበል ትላለች፤ በእርጋታ ትመለሳለች። አዛዡ ተሳፍረው እስከ መሐል ሄዱና ፈገግ ብለው ወረዱ።

ያን ቀን ወደ ማታ፣ ወልደሚካኤል ሠራተኞቹን ሰብስቦ ጀልባዋን አስወዛወዛትና አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። አራት። ፈጥኜ ደግሜ ይሆናል ብሎ እንደገና አስወዛወዛት፤ በዝግታ፣ ቃል በቃል ደገመ። አራት ሆና አምስተኛዋን ሳትጨርስ ጸሎቱ አለቀ። ይህም ከላይ ያለው አግዳሚ ባዶ ሆኖ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ ገና ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃል።

ወርቁ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ይጠብቀው ነበር። «ወልዴ፣ ይህች ጀልባ አላማረችኝም» አለው። «ስታዘነብል እዚያው ትቆያለች። ለመመለስ የምታመነታ ይመስለኛል። ስንት ወጣ?»

«ስምንት» አለ ወልደሚካኤል።

ወርቁ ፊቱን አየው። «እንግዲህ ከፈረንጁ የተማርህ አንተ ነህ» አለና መቅዘፊያውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የሥላሴ ዕለት ጠዋት ሐይቁ ዝም ብሎ ነበር። ሃያ ስድስት ሰው ተሳፈረ፤ ወርቁ ከቀዛፊዎቹ ጋር ነበር። አዛዡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ዘመዶቻቸውና ካህናቱ ከላይ ከዳሱ ሥር ተቀመጡ። ወልደሚካኤል ከታች፣ ከቀረው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ እጁን ከሳንቃው ላይ አላነሣም። ጀልባዋ ዘንበል ባለች ቁጥር እስክትመለስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ተመለሺ ይላል በልቡ። ትመለሳለች። ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ራሱን ያሳምን ጀመር።

ደሴቱ ሲቀርብ የደሴቱ ሰዎች ከበሮ ይዘው ወደ ዳር ወጡ። እልልታ ተሰማ። ከላይ የነበሩት ሊያዩ ተነሡና በቀኝ በኩል ተሰበሰቡ።

«ተቀመጡ! ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸ ወልደሚካኤል። እልልታው ዋጠው።

ጀልባዋ በቀኝ ዘመመች። ነፋስ አልነበረም፤ ሞገድም አልነበረም። ያጣድፋት ነገር ያለ አይመስልም። ሲጠብቃት ቆየ። ሳንቃው ከእጁ ሥር ወደ ላይ እየተነሣ ሄደ፤ ከዚያ የቀሩት ድንጋዮች ከቦታቸው ተንሸራተው ወደ ቀኝ ወረዱ፤ ውሃው ገባ።

ከውሃው ሲወጣ የጀልባዋ ሆድ ወደ ሰማይ ዞሮ ነበር። ከደሴቱ ታንኳዎች ፈጥነው ደረሱ። ወርቁ ዋናተኛ ነውና እየጠለቀ ከዳሱ ሥር ሰው አወጣ። አንድ ቄስ አወጣ። አዛዡን አወጣ። አንዲት ልጃገረድ አወጣ። ለአራተኛ ጊዜ የጠለቀው ወይዘሮ ብዙነሽን ሊያወጣ ነበር። በረጠበው ሸማ ተጠላልፈው ሁለቱም የተገኙት ከሰዓት በኋላ ነው። በጠቅላላው ሰባት ሰው ሞተ።

ቆራጣ ሲለቀስ ሰነበተ። አንዳንዱ የባሕሩ ጋኔን ነው አለ። አዛዡ ግን ሚስታቸውን ቀብረው ሲመለሱ «የፈረንጁ ሥራ ነው» ብለው ለዳኛው ቃል ሰጡ። ሙሴ ያኮብ በደብረ ታቦር እግር ብረት ገቡ። ወልደሚካኤል ይህን ሰምቶ ስምንት ቀን ዝም አለ። ወደ ጎጆው ተመልሶ እህል አልቀምስ ሲል ትርንጎ «ታመሃል?» አለችው። ዳኛው ያመኑትን የአዛዡን ቃል ማፍረስ ራሱን ማሰር መሆኑን ያውቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከዳኛው ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ስድሳውን ድንጋይ፣ ዳሱን፣ አራቱን፣ ስምንቱን። አዛዡ ከሹመታቸው ተሻሩ። ወልደሚካኤል አርባ ጅራፍ ተገረፈ።

ሙሴ ያኮብ ከእስር ሲፈቱ ሊያያቸው ሄደ። ቁርጭምጭሚታቸው ቆስሎ ነበር።

«አልቆጠርህም ነበር?» አሉት።

«ቆጥሬአለሁ።»

ፈረንጁ ያን የሚያህል ስድብ እያወቁ አንድም አልሰደቡትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀሩ። ከጅራፉ ይልቅ ይህ አመመኝ ይል ነበር።

ጀርባው ሳይሽር ቆራጣ ወረደ። ፈንታነሽ ከደጃፏ ገብስ ታሰጣ ነበር።

«ወርቁ ጠይቆኝ ነበር» አላት። «ስንት ወጣ አለኝ። ስምንት አልሁት።»

«ስንት ነበር?»

«አራት።»

«እውነቱን ብትነግረው አይሳፈርም ነበር?»

«አይሳፈርም። ሌላውንም ሰው አያሳፍርም ነበር።»

ፈንታነሽ ገብሱን መበተኗን ተወች። «እኔ እስከ ዛሬ የምወቅሰው እሱን ነበር» አለች። «ባሕሩን እያወቀ እንዴት ጥሎኝ ይገባል እያልሁ፣ መቃብሩ ላይ ሳይቀር ተቆጥቼዋለሁ። አሁን ሄጄ ሙቱን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። አንተን የማይበት ዓይን የለኝም። ሂድ።»

ጀልባዋን ከውሃ አውጥተው እንዲያድሳት ታዘዘ። ዳሱን ነቀለ፤ ዘጠናውን ድንጋይ መልሶ ደረደረና እንዳይንሸራተቱ በእንጨት ገደባቸው። ሲቆጥር ዘጠኝ ወጣ። ንጉሡ እስኪያልፉ ድረስ እህል አመላለሰች። በእነዚያ ዓመታት ጭነት በተለወጠ ቁጥር ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ለቀዛፊዎቹ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። የተናጠ ሹም ሲቆጣው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል፤ ድንጋይ ግን አያነሣም።

ወደ ጋሳይ ከተመለሰ በኋላ በየዓመቱ በእርሻ ወቅት ቆራጣ እየወረደ የፈንታነሽን ማሳ ያርሳል። እሷ አልጠራችውም፤ አላባረረችውምም። ማሳው ሲያልቅ ሞፈሩን ተሸክሞ ይመለሳል።

የነፍስ አባቱ የሰባት ዓመት ንስሐ ሰጥተውት ነበር። ሰባቱ አልቆ፣ በስምንተኛው ዓመት ደግሞ በሬዎቹን ሲጠምድ ትርንጎ አየችው።

«አባ ፈትተውህ የለም ወይ?» አለችው።

«ፈትተውኛል።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«እሳቸው ወርቁን አያውቁትም» አለና በሬዎቹን ነዳ።