የሽማግሌው ስም ያለበት ፋቱራ

ባይሽ በምትባል የሳዑዲ ከተማ ውስጥ የውሃ ፓምፕ በሚሸጥና በሚገጥም ሱቅ ነው የምሠራው። ዋጋ አወጣለሁ፣ ፋቱራ፣ ማለትም የሽያጭ ደረሰኝ፣ እቆርጣለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ። ደንበኞቼ ባለ እርሻዎቹ ናቸው ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የማገኘው ሠራተኞቻቸውን ነው። ግማሾቹ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ የአገሬ ልጆች።

ከነሱ ሁሉ የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ የማንጎ እርሻ ላይ ለዓመታት የቆዩ፣ ከፊላቸው፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ያስመጣቸው አሠሪ፣ እርሻውን ጥሎላቸው ጂዛን ከተማ የሚቀመጥ። ፓምፑ ሲቃጠል ዋጋ ጠየቁኝ። አዲስ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ማጓጓዣ፣ መግጠሚያ ብዬ ዘርዝሬ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። እሳቸው ደግሞ ለከፊላቸው አሳለፉለት። ድምሩ አስራ ሁለት ሺህ ሪያል ነበር፤ ከሥሩ «ዋጋው ደሪባን አይጨምርም» ይላል። ደሪባ ማለት ግብሩ ነው፤ ከመቶ አስራ አምስት።

ከፊላቸው በስልክ «ይግጠሙት» አለ። ገጠምን። ውሃው ወጣ። ሽማግሌው ሱቅ መጥተው ፋቱራውን ወሰዱ። ያን ጊዜ አብሮኝ የሚሠራው ሻጭ «በማን ስም ይውጣ?» ሲላቸው የራሳቸውን ስም ሰጡ። እኔ ሌላ ደንበኛ ይዤ ነበር፤ ነገሩን የሰማሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ከፊልየው በሩን በርግዶ ገባ። ሽማግሌው ከኋላው ቆሙ፤ ሽርጣቸው ላይ የእርሻው ጭቃ እንዳለ ነው፤ እጅ ለመታጠብ እንኳ ጊዜ አልሰጣቸውም ማለት ነው። ሰውየው ፋቱራውን ጠረጴዛዬ ላይ በኃይል ጣለው።

«አስራ ሁለት ሺህ ተባልሁ። ይኼ አስራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ይላል። አንድ ሺህ ስምንት መቶዋን ማን በላት?»

«ማንም አልበላትም ያ ዓም፤ ደሪባ ናት» አልሁት፣ አጎቴ እንደማለት።

«አንተና እሱ አንድ አገር ናችሁ» አለ በጣቱ ወደ ሽማግሌው እያመለከተ። «ተመካክራችኋል። ኢቃማው በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ላድስለት ነበር። ኸላስ! ለሌባ አላድስም፤ አገሩ ይግባ።»

ደሜ ፈላ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ እናቴም «ይኼ ልጅ ምላሱ ያስገድለዋል» ትለኝ ነበር። «ሌባስ አንተ!» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሽማግሌውን አየኋቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ወለሉን ያያሉ። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለቀበት ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገድ ላይ ይያዛል፣ ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ አውሮፕላን። እሳቸው ደግሞ ወሎ ውስጥ ቤት ጀምረው ጣራው አልደረሰም። ምላሴን ነክሼ ዋጥ አደረግኋት።

«ስልክህን አውጣ» አልሁት። «የላክንልህን ወረቀት ክፈተው።»

እያጉረመረመ ከፈተው። ዓይኑ ድምሩ ላይ ሄደ። «ይኸው! አስራ ሁለት ሺህ!»

«ወደ ታች ውረድ።»

በጣቱ ገፋው። አነበበ። ከዚያ እንደገና ተነሳበት፤ «እሺ፣ ፓምፑ ደሪባ ይኑረው። መግጠሚያውስ? የሰው ጉልበት ነው። ማጓጓዣውስ?»

«በሁሉም ላይ ነው። ዕቃም ሆነ ሥራ። እያንዳንዱን መስመር ከፋቱራው እያየህ ራስህ ምታው።»

በስልኩ መታው። ፓምፑን፣ ቧንቧውን፣ ማጓጓዣውን፣ መግጠሚያውን። ዋጋዎቹ ከላክንለት ወረቀት ጋር አንድ ሆኑበት። ድምሩን በአስራ አምስት ከመቶ ሲያባዛው ያችው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ወጣች። ሳንቲም አልተረፈም፣ አልጎደለም።

«እኛ ጋ አትቀርም» አልሁት። «ከአንተ ተቀብለን ለመንግሥት ነው የምናስገባት።»

ተነፈስሁ። ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ የዋህ! ሰውየው ፋቱራውን አንስቶ ከላይ ማንበብ ጀመረና ፊቱ ተለወጠ።

«ገዢው ለምን እሱ ሆነ? ስሜ የታለ? ፓምፑን የገዛው እሱ ነው?» ዞሮ ሽማግሌውን ፊት ለፊት ያዛቸው። «ዕቃዬን በስምህ አደረግኸው? ነገ ልትሸጠው ነው?»

አሁንስ አለቀልን አልሁ። እኔም አላውቅማ! እኔም ነኝ «ለምን አባቴ?» ብዬ በአማርኛ የጮህሁት።

ሽማግሌው ቀስ ብለው መለሱ። መጀመሪያ ለኔ፣ ከዚያ በዚያች በእርሻ ዓረብኛቸው ለሱ። «በማን ስም ቢለኝ ተረካቢው እኔ ነኛ። ነገ አንድ ቧንቧ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አማና ነው፣ አደራ። ባለቤቱን ማን ይጠይቀዋል? እኔን ጠይቁኝ ብዬ ነው ስሜን የሰጠሁ።»

ከፊልየው ማመንም አልፈለገም፣ አለማመንም አልቻለም። እኔ ደግሞ በዚህ መሃል አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ።

«እርሻህ በደሪባ የተመዘገበ ነው? ቁጥር አለው?»

«አዎ። ማንጎውን ለነጋዴ ነው የማስረክበው። ምን አገናኘው?»

«እንግዲያማ ይችን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ለመንግሥት ከምትከፍለው ደሪባ ላይ ትቀንሳታለህ። ግን በዚህ ፋቱራ አይሆንም፤ የእርሻህ ስምና ቁጥር የለበትም።»

«ታዲያ ስሙን ሰርዘህ የኔን ጻፍ! ያላ!»

«አይሰረዝም። አንዴ የወጣ ፋቱራ አይነካም። መጀመሪያ እሱን የሚሽር ሌላ ወረቀት ይወጣል፣ ከዚያ በእርሻህ ስም አዲስ።»

ቁጥሩን ሰጠኝ። መሻሪያውን አወጣሁ። አዲሱን ጽፌ ላክሁ፤ እንዲህ ያለው ፋቱራ መጀመሪያ ወደ መንግሥቱ ሲስተም ሄዶ ጸድቆ ነው የሚመለሰው። ኔትወርኩ ደግሞ በዚያን ሰዓት ሊያሾፍብን ፈለገ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሰውየው ሰዓቱን ያያል። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዱዓ ነው። እኔም ስክሪኑን በልቤ እየተሳደብሁ ቆየሁ።

ጸደቀ። አተምሁት። ሰውየው ከወረቀቱ ጥግ ያለችውን ባለ አራት ማዕዘን ምልክት በስልኩ ቃኛት፤ የሱቃችን ቁጥር፣ ጠቅላላው ዋጋ፣ ደሪባው ወጣለት። የእርሻውን ስም ከላይ አነበበ። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ገንዘቡን እዚያው በስልኩ አስተላለፈና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ኢቃማህን ነገ አድስልሃለሁ» አላቸው፣ ወደ በሩ እየሄደ። ሌላ ምንም አላለም። አንዲት ቃል እንኳ።

እኔ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። «አልሐምዱሊላህ በሉ አባቴ! ተረፉ እኮ!» አልኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ግን አልተንቀሳቀሱም። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የተሻረውን ፋቱራ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አሁን እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም?»

«የሉም። ተሽሯል።»

«መልካም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ሌባ ያለኝንስ የሚሽር ወረቀት አለህ?»

ከውጭ ከፊላቸው ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ወጡና መኪናው ላይ፣ ከኋላ በኩል ተሳፈሩ።