ውሃው ታሞ ነበር እንዴ?

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረች ሴት ናት። «አራት ነጥብ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ክርክር ሲረዝም ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አድርጋ «አለቀ!» ካለች፣ ያ ነገር በቃ አለቀ ማለት ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ግን እሷ አልተዘጋችም። ከሰፈሯ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ነበር። በምስሉ ሥር የሚያልፈውን የግርጌ ጽሑፍ የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ ኖሮ ሄደች፤ ገና በሩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ አርማለት ስትገባ ወዲያው ቀጠራት።

ሥራው መጀመሪያ ቀላል መስሏት ነበር። ኋላ ነው የገባት፤ መጽሐፍ አንባቢውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ የግርጌ ጽሑፍ ግን አይጠብቅም፣ ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ በአንዱ መስመር ቢበዛ ሠላሳ ፊደል ነው። መፍጠኑንና መዘግየቱን የምትለካው በባሏ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲያነብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። ከንፈሩ ሳያርፍ ጽሑፉ ከጠፋ ያ መስመር ይቆረጣል። «አሁንስ ሰለቸኝ፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ሰዓት ነኝ እንዴ?» ይላታል፣ መርፌውን ከከንፈሩ ላይ አንሥቶ። እሷ ደግሞ «ዝም በል፣ ሦስተኛውን አንብብ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ መጣች። ሁሉም ሲስተር ይላታል፤ ቁመቷ አጭር፣ ነጠላ ቃል የማታባክን ሴት ናት። የያዘችው ስለ እጅ መታጠብና ስለ አካባቢ ንጽሕና የተሠራ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ የሚናገርበት ቋንቋ የውጭ ነው። በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ድምፁ ሁልጊዜ የተዘጋ ነው፤ በሕፃናቱ ልቅሶ መሐል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በግርጌ ጽሑፉ ላይ ወደቀ።

ሲስተር ከቪዲዮው ጋር አንድ ዝርዝር ወረቀት ሰጠቻት። «ቃላቱ በኮሚቴ የጸደቁ ናቸው፣ እትዬ። ከዚህ ዝንፍ እንዳይሉ።»

አራት ነጥብም ዝንፍ አላለችም። የጸደቀ ነገር ትወዳለች። አንድ ሳምንት ሠርታ፣ እያንዳንዷን መስመር ቆጥራ፣ አንድ የፊደል ግድፈት የሌለበት ሥራ አስረከበች። ባሏም በከንፈሩ አጸደቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ለሙከራ በመጠበቂያው ክፍል ታየ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሟል። ከፊት ወንበር ላይ የደም ግፊታቸውን ለመለካት የመጡ ጡረተኛ ፖስተኛ ተቀምጠዋል። እኚህ አባት በደህናው ዘመን ደብዳቤ ማድረስ ብቻ ሳይሆን ማንበብ ለማይችል ሰው በር ላይ ቆመው ያነቡ ነበርና፣ ጽሑፍ ባዩበት ሁሉ ጮክ ብለው ማንበብ አመላቸው ነው። ቪዲዮው ሲጀምር ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለቤቱ ሁሉ ያነቡ ጀመር።

«ከተጸዳዱ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።»

ሕፃን ያቀፈች አንዲት እናት ዘወር አለች። «አባባ፣ ከጸዳሁ በኋላ ደግሞ ምን ቀርቶኝ ነው የምታጠበው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ ልጄ? የተጻፈውን ነው የማነበው» አሉና ቀጠሉ፤ «ሁለቱን እጆችዎን ይሹ።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ምን ሆነው ነው የምሻቸው? አሉ አይደል እንዴ!» ብሎ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ አሳየ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሳይበርድ ፖስተኛው ቀጣዩን ወረወሩት፤ «የሕፃናትን ዓይነ ምድር በጥንቃቄ ያስወግዱ።»

«ውይ! የልጄን ዓይን?» ብላ እናቲቱ የሕፃኗን ፊት በመዳፏ ሸፈነች።

«ያልታከመ ውሃ አይጠጡ።»

«ውሃው ታሞ ነበር እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። አንዲት አሮጊት ሆዳቸውን ይዘው «ኧረ ተዉኝ፣ ያመመኝ ጎኔ ነው» ይላሉ፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ነው፤ ሐኪሙ ምን መጣ ብሎ በሩን ከፈተ። አራት ነጥብ በግድግዳው ጥግ ቆማ ፊቷ ቀላ። ባልደረቦቿ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሕተት ፈልገው አጥተውባት ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ሁሉም ነገር ተሳስቷል። ልታለቅስ ደርሳ ቀና ስትል ዓይኗ ከሲስተር ዓይን ጋር ገጠመ። ያቺ ኮስታራ ነርስ ከንፈሯን ነክሳ፣ የጸደቀውን ወረቀት አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እና አራት ነጥብ ፈነዳች። ሁለቱም እየተደጋገፉ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ውሃው ታሞ...» ትላለች ሲስተር፤ መጨረስ አቃታት።

ትንፋሻቸው ሲመለስ አራት ነጥብ ተመልሳ ገባችና ፖስተኛውን ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «አባባ፣ ግፊትዎን ከተለኩ በኋላ ትንሽ ጊዜ ይኖርዎታል?»

«እኔ ከጊዜ በቀር ምን አለኝ?» አሉ።

ሦስቱም ክትባት በሚሰጥባት ትንሽ ክፍል ተቀመጡ። አራት ነጥብ ሕግ አወጣች፤ እያንዳንዱ መስመር በሁለት በር ያልፋል፣ በሲስተር ዓይንና በፖስተኛው አፍ። ሲስተር ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ትመረምራለች፤ አባባ ጮክ ብለው ሲያነቡት ምላሳቸውን ካደናቀፈው ወይም ሰው ካሳቀ ይወድቃል።

የመጀመሪያዋን አራት ነጥብ ራሷ አፈፍ አደረገቻት። «ደጅ ወጥተው ሲመለሱ እጅዎን ይታጠቡ። ሰው እንዲህ አይደል የሚለው?»

«ግሩም!» አሉ ፖስተኛው።

ሲስተር ግን ጣቷን አነሣች። «ቪዲዮው ሜዳ ላይ አትውጡ፣ መጸዳጃ ቤት ይኑራችሁ እያለ ነው የሚለምነው። እኛ ደጅ ወጥተው ካልን ያንኑ ልማድ በጨዋ ቃል ቀለል አድርገን አልመለስነውም? ደግሞ ለአየር ብሎ የወጣውም አለ።»

አራት ነጥብ ብዕሯን ቀጭ አደረገች። «ልክ ነሽ። "ከሽንት ቤት ሲወጡ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።" ሁለት መስመር። ፊደሉም አልበዛ። አለቀ!»

የሕፃኑ ጉዳይ ላይ ፖስተኛው «ካካ በሏት፣ እናት ሁሉ ያውቃታል» አሉ። ሲስተር ይሄንንም አልተቀበለችም። ካካ ሲባል የጨዋታ ይመስላል፤ ብዙ እናት ደግሞ የሕፃን ምን አለበት ብላ ታልፈዋለች፤ በሽታ ግን ከትንሹም ከትልቁም እኩል ይተላለፋል። «የልጅ ሰገራ ጠርገው ሽንት ቤት ይጣሉ» ተባለ። ፖስተኛው አነበቡት፤ ማንም አልሳቀም። የታመመው ውሃም «ውሃውን አፍልተው ወይም የውሃ መድኃኒት ጨምረው ይጠጡ» ሆኖ ዳነ። «ይሹ» የሚለው ደግሞ ተጥሎ «መዳፍዎን፣ የእጅዎን ጀርባ፣ በጣቶችዎ መሐልና ጥፍርዎ ሥር እያሻሹ» ተባለና በሦስት ተከታታይ ስክሪን ተከፈለ፤ በቪዲዮው የሚታየው እጅ የሚያሻሸው ቦታና ጽሑፉ በአንድ ጊዜ እንዲመጡ።

ትልቁ ጣጣ ሃያ ሰከንድ ነበር። አራት ነጥብ «ቢያንስ ለሃያ ሰከንድ» ብላ ጻፈች፤ ትክክል ነው። ፖስተኛው ግን እጃቸውን ዘረጉ። «ሰዓት የለኝም። እጄ በሳሙና ተለውሶ በምን ልለካው?»

«ይቁጠሩዋ! እስከ ሃያ ይቁጠሩ!» አለች አራት ነጥብ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ሲስተር የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ይቁጠሩ አባባ።»

ፖስተኛው አየር ሳቡና እንደ ከባድ ዝናብ አወረዱት፤ አንድሁለትሦስትአራት፣ አፍ ላፍ። ሃያ ሲሉ ሰባት ሰከንድ ነበር። አራት ነጥብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ቀስ ብለው» የሚል ተጨመረና እንደገና ተሞከረ። አሁን አባባ እየተጎተቱ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አየር እየሳቡ ቆጠሩ፤ ሃያ አንድ ሰከንድ። «ቀስ ብለው እስከ ሃያ እየቆጠሩ ያሻሹ» ተባለ፤ ሲስተርም ፈረመችበት። አቀናባሪው በስልክ ሲነገረው «የእጁ ምስል ስምንት ሰከንድ ነው፣ ሰው ያኔ ማሻሸቱን ያቆማል!» አለ። አራት ነጥብም «ድገመው፣ ምስሉ እስኪበቃ ድገመው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሐሙስ ቪዲዮው እንደገና ታየ። ፖስተኛው የግፊት ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ ግን ከሁሉም ቀድመው ፊት ወንበር ላይ ተገኙ። ማንበብ ጀመሩ። አራት ነጥብ ከግድግዳው ጥግ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ማንም አይስቅም። ሦስት መስመር፣ አራት መስመር፤ ዝም። «ሰለቻቸው መሰለኝ» አለች ለሲስተር በጆሮዋ፤ «መሳቁ ይሻል ነበር።»

የእጁ ምስል መጣ። ፖስተኛው «ቀስ ብለው እስከ ሃያ እየቆጠሩ ያሻሹ» ብለው አነበቡ። ከዚያ ራሳቸው «አንድ...» አሉ። እዚያ የተቀመጠች ሴት እጇን እያሻሸች «ሁለት...» አለች። ሕፃን ያቀፈች ሌላ እናት፣ የራሷን ሳይሆን የልጇን እጅ ይዛ እያሻሸች፣ «ሦስት...» ስትል ሁሉም ገባበት። ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ ልጆች ከወንበር እየዘለሉ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮት። ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ! ጭብጨባ!

ቪዲዮው ሳያልቅ ሰዉ ተነሣ። ያልታሰበው እሱ ነበር። በግቢው ያለችው አንዲት ቧንቧ ፊት ሰልፍ ሆነ፤ ከፊት ያለው ሲቆጥር ከኋላ ያለው «ቀስ በል፣ ቀስ!» እያለ ያርመዋል። ዘበኛው ሁከት ነው ብሎ ሮጦ መጣና ምክንያቱን ሲሰማ ራሱ ተሰለፈ። በቧንቧው ላይ የነበረች ሳሙና ቀጠነች፣ ቀጠነች፣ ከዚያም ጠፋች። ሲስተር ወደ መጋዘን ሮጣ አንድ ትልቅ ሳሙና ይዛ መጣች፤ አራት ነጥብ በመቀስ ልትቆርጠው ብትል እምቢ አላት፤ ከእጇ ሙልጭ ብሎ መሬት ላይ ተንሸራተተ፤ እሷ ስትይዘው ከእሷ ያመልጣል፣ ሲስተር ስትይዘው ከሲስተር። ሰልፈኛው በእልልታ አጀባቸው።

ተራዋ ሲደርስ አራት ነጥብ እጅጌዋን ሰበሰበች። መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ በጣቶቿ መሐል፣ ጥፍሯ ሥር። የሃያ ሁለት ዓመት የቀለም አሻራ የቀረበት ጣቷ እስኪያብለጨልጭ። ፖስተኛው ከጎኗ ቆመው በዝግታ ይቆጥሩላት ነበር። ከቧንቧው ልትርቅ ስትል በሳቅ ታፍና «አባባ፣ ስንት ላይ ደረስኩ?» ብትላቸው «ዐሥራ አንድ ላይ ነሽ፣ አትቸኩዪ» አሏት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አዲሱን ዝርዝር አነበበ። ከሽንት ቤት እስከ ሰገራ ድረስ ፊቱን አላጠቆረም፤ ሲጨርስ ብቻ «ይሄ እኮ ሰው የሚናገረው ነው» አለ እየተገረመ። ሲስተር መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ሰደደችው። ሲመለስ እጁን በደንብ ሳያደርቅ ፈረመ፤ የፊርማው ቀለም በወረቀቱ ላይ ትንሽ ፈሰሰ፣ ማኅተሙ ግን በትክክል ተመታ።