ያላየነውን አንጽፍም

እንጅባራ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ግቢ ተቀጥሬ የቴሌግራም ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ያስታውቃል፤ በባጃጅ ይመጣል፣ መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራታል፣ በሯን እንኳ ሳይከፍት «እስቲ እናስብበት» ብሎ ይሄዳል። አለቃዬ በዚህ ይነድ ነበር። «የሚያደፋፍር ነገር ጻፊ እንጂ!» አለኝ አንድ ቀን።

ጻፍሁ። «መኪና ገዝተው አያውቁም? አይስጉ። መካኒክዎን ይዘው ይምጡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አብረን ሄደን እናጣራለን። ያላየነውን አንጽፍም።» የመጨረሻዋን ስጽፍ ራሴን አደነቅሁ፤ ኧረ እንዲያውም ለእናቴ አነበብሁላት። ከሥሩ የአንዲት ሚኒባስ ዝርዝር አስከተልሁ፤ አለቃዬ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍሁ። ነጭ ቀለም፣ ሞተሯ ተከፍቶ የማያውቅ፣ ግጭት የሌለባት፣ በአንድ እጅ የተያዘች።

በሳምንቱ አንድ ገበሬ ከባለቤታቸው ጋር ሚኒባሷን ሊገዙ መጡ። ለከሰል የሚሆን፣ ለዓመታት ያሳደጉትን የዲከረንስ ዛፍ ሸጠዋል፤ ልጃቸው በጥሊሊ መስመር እንዲሠራባት ነው። ሌላ ጥሪት የላቸውም። መካኒክ አላመጡም።

«ምን ያደርግልናል? እናንተ አይታችሁት የለ!» አሉኝ ሰውየው።

 መካኒክ ቢያመጡ ይሻላል ማለት ነበረብኝ፤ አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል፣ ፈራሁና የመኪናዋን ቁልፍ አቀበልኋቸው። 

ከሰዓት ውል ጸሐፊው ዘንድ ሄድን። ጸሐፊው «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰውየው አስቆሙት። ስልካቸውን ከካፖርታቸው አወጡ።

«ይህን የልጅቱን ጽሑፍም አብረህ አስገባልን።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ማስታወቂያ ነው። ውል ውስጥ አይገባም» አለ አለቃዬ እየሳቀ።

«አይገባም?» ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያውስ አንቺ ምስክር ሆነሽ ፈርሚልን። እውነት ነው ብለሽ።»

እስክሪብቶውን ሰጡኝ።  ማስታወቂያ ስንት ጽፌያለሁ፤ ስሜን ከሥሩ አድርጌ አላውቅም። ባለቤታቸው በአዊኛ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ «ፈርሚ ልጄ፣ አንቺን አምነን ነው የመጣነው» አሉኝ። አለቃዬ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። ባልፈርም ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ብፈርም ደግሞ ያቺ ሚኒባስ መንገድ ላይ ብትቆምባቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

«አልችልም» አልሁ። «የተነገረኝን ነው የጻፍሁት።»

አለቃዬ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ሰውየው ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አቀበሉኝ።

«እሺ ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ በዓይንሽ ያየሽው የቱን ነው?»

ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት።

«ነጭ መሆኗን» አልሁ።