የሬሐና ማስታወቂያና የናሱ ፋኖስ

ሬሐና ሰበታ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ አሮጌ የቤት ዕቃ መሸጥ ከጀመረች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከሱቋ ይልቅ የምትታወቀው ግን በቴሌግራም ቻናሏ ነው። ዕቃው ስንጥቅ ካለው ስንጥቁን ሳትጽፍ አትለጥፍም።

ቡራዩ የሚኖረው የፋብሪካ መካኒክ ኩምሳ አንድ የናስ ፋኖስ በፌስታል ይዞላት መጣ።

«የአያቴ ነው። መቶ ሃያ ዓመት ሞልቶታል ብለሽ ጻፊ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«እናቴ የአባቷ እንደሆነ ነግራኛለች። የአያት ዕቃ ከሆነ መቶ ዓመት አያንሰውማ!»

ሬሐና ማግኔት አወጣች። ገላው ላይ አልያዘም፤ እጀታው ላይ ግን ጥብቅ አለ። ከዚያ ትንሽ ነጭ ጋዝ ጨምራ ወረቀት ላይ አሳደረችው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ክብ እርጥበት አገኘች። ፋኖሱን ሳታሻሽና ሳታብለጨልጭ እንዳለ ፎቶ አንስታ እንዲህ ጻፈች፦

«የናስ ፋኖስ። ዕድሜው በእርግጠኝነት አይታወቅም። ባለቤቱ የአያቱ ነው ይላል፤ ማስረጃ ግን የለም። ክሩን የሚያወጣውና የሚያወርደው መዘውር ላይ ያለው የፋብሪካ ስም ተፍቆ ሁለት ፊደል ብቻ ይነበባል። ያም ቢሆን መዘውሩ ከሌላ ፋኖስ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል የገላውን ዕድሜ አይናገርም። ገላው ናስ ነው። እጀታው ብረት ነው፤ በኋላ የተቀየረ ይመስላል። ብርጭቆው አዲስ ነው። ከእጀታው ሥር ሦስት ስርጉዶች ተጠጋግተው አሉ፤ መካከለኛው አውራ ጣት ያስገባል። ቂጡ በቆርቆሮ ተበይዷል፣ ብየዳው ሻካራ ነው፣ ጋዝ ያፈሳል። ለጌጥ እንጂ ለማብራት አይሆንም።»

ኩምሳ ሲያነበው ደወለ። «አንቺ ሰው! ዕቃዬን አዋረድሽው እኮ! ስለ ስርጉዱ የጻፍሽውን አጥፊው።»

«ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያየው ምን ልበለው? ካልተስማማህ ና ውሰድ።»

አጉረመረመ፤ ግን ሊወስደው አልመጣም።

በማግስቱ አንድ ዓይነ ስውር አስተማሪ በልጃቸው በትጊ ክንድ ተደግፈው ሱቁ ገቡ። ጋሽ ዳኜ ይባላሉ። ትጊ ጠረጴዛ ስትፈልግ ማስታወቂያውን አይታ፣ የዕቃዋን ጉድ የምትዘረዝር ነጋዴ ገርማት ጮክ ብላ አንብባላቸው ነበር።

«ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ። ወንበርም አልፈለጉም።

ሬሐና ፋኖሱን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ጣታቸው ከእጀታው ሥር ወረደ፣ አንደኛው ስርጉድ ላይ ቆመ፣ ወደ ሁለተኛው አለፈ። አውራ ጣታቸው መካከለኛው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«እኔ ነኝ የጣልኩት። ደብረ ብርሃን፣ ደጃችን ያለው ደረጃ ላይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ። ለእንግዳ ላበራ ብዬ። አባቴ ራሱ በየደው፤ ብየዳ አያውቅም ነበር።»

«አባትዎ ከየት አገኙት?» አለች ሬሐና።

«አዲሱን ነው የገዛው፤ ታላቅ እህቴ በተወለደች ዓመት። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አባታችን የመረጠላትን ባል አልፈልግም ብላ በአስራ ሰባት ዓመቷ ይህን ይዛ ጠፋች። አርባ አምስት ዓመት ፈለግናት። ሞታለች ብለን ተዝካር አውጥተናል። ይህን ያመጣው ማነው?»

ሬሐና ስልኳን አነሣች። ደውላ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች። «ኩምሳ፣ የእናትህ ስም ማነው?»

«ምን ሆነሻል? ተስፋነሽ ናት። ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ምነው?»

ጋሽ ዳኜ ወደ ድምፁ ጎንበስ አሉ። «ተስፍዬ» አሉ ወደ ስልኩ።

ከወዲያ ማዶ፣ ከኩምሳ አጠገብ፣ የሴት ድምፅ «ዳኜ?» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ኩምሳ ራሱ ደወለ። እየጮኸ ነበር። «ሬሐና፣ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች! ዘመዶቼ ሁሉ አልቀዋል ነበር የምትለን። ማነው ሰውዬው?»

«አጎትህ ናቸው» አለች ሬሐና። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም አላመነችውም።

እሁድ ዕለት ጋሽ ዳኜ ቡራዩ ሄዱ። ኩምሳ በኋላ እንደነገራት፣ ወይዘሮ ተስፋነሽ በሩ ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ወንድሟ ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ። ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷም አባቷ በሕይወት እንዳሉ ጠየቀች፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ያን ሲነግሯት ተነሥታ ጓዳ ገባችና እስኪመሽ አልወጣችም። እርቁ ገና ነው፤ ጋሽ ዳኜ ግን በየሳምንቱ ይመላለሳሉ።

በዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ሬሐና ሱቋን አልከፈተችም። አንድ የሱሉልታ ሰው ፋኖሱን ለመግዛት ሦስት ጊዜ ደወለ። «ተሸጧል?» ሲላት፣ «አይሸጥም፤ ባለቤቶቹ ተገኝተዋል» አለችና ማስታወቂያውን ከቻናሏ አነሣችው።