ሐሙስ ጠዋት አልገኝም

መጥሪያውን ያመጣልኝ ፖሊስ ቅዳሜ ከሰዓት በራችንን ሲያንኳኳ እናቴ ደንግጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በዚያ ዘመን ፖሊስ ቤት ድረስ መጥቶ በስም ሲጠራ ማንም ደህና ነገር አይጠብቅም ነበር። እኔ ግን የመጣበትን ጉዳይ ገና ከበሩ ሳልደርስ አውቄዋለሁ። ፈርሜ ተቀበልኩና አነበብኩት። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ፍርድ ቤት እንድቀርብ ይላል። ባልቀርብ ተይዤ እንደምቀርብም ከታች ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው ፌርማታ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ የመንግሥት ፒካፕ የቆመ አውቶቡስ ሊቀድም ብሎ ከመንገዱ ወጣና ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ገጫቸው። ሰውየው አስፋልቱን አልረገጡም፤ ከዳር ቆመው ነበር። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሾፌሩ «ድንገት ዘለው ገቡብኝ» ብሎ ቃል ሰጠ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ፊታቸው ወደ ሌላው በኩል ስለነበር አላዩም። ከፊት ለፊት ቆሜ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ችግሩ ሐሙስ ነበር። በዚያው ሐሙስ በአራት ሰዓት ኮሌጅ ውስጥ የቡድን ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ነው። ሦስት ነበርን። በሰፈሬ የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ጥናት ሠርተናል፤ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ወረፋው በማን እንደሚጠበቅ። መጠይቁን ይዤ ቦኖው ጋ ጠዋት ማታ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ የእኔ፣ ሴቶቹም የሚያውቁኝ ናቸው። የውጤቱን ክፍል የማቀርበውም እኔ ነበርኩ። መምህራችን ደግሞ ገና ሴሚስተሩ ሲጀመር «ያልቀረበ ሰው የቃል ማርክ የለውም» ብለው ነግረውናል።

ያን ዕለት ማታ ብዙም አላሰላሰልኩም። ፍርድ ቤቱን መተው አልችልም፣ አልፈልግምም። የቀረው ጥያቄ ለማን፣ መቼና እንዴት ልንገር የሚለው ብቻ ነበር። መጀመሪያ ለጓደኞቼ፣ ከዚያ ለመምህሩ ብዬ ወሰንኩ። ባዶ እጄንም አልሄድም አልኩ። የምናገረውን በሙሉ በንጹሕ ጽሑፍ ገለበጥኩ። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ሊጠየቁ ይችላሉ ያልኳቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጻፍኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዑራኤል አካባቢ ወደሚኖረው ወደ ቡድን መሪያችን ቤት ሄድኩ። ስልክ የላቸውም፤ እኛም የለንም። ከእኛ በዕድሜ ከፍ ይላል፤ በአብዮቱ ግርግር ሦስት ዓመት ትምህርቱ ተቋርጦበት ስለነበር እያንዳንዷ ማርክ ታንገበግበው ነበር። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የካርቶን ወረቀት ላይ የሠንጠረዡን መስመር በማስመሪያ እያደመቀ አገኘሁት።

«ሐሙስ ጠዋት አልገኝም» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

ማስመሪያውን አስቀመጠ። «ቀልድ ነው?»

መጥሪያውን ሰጠሁት። አነበበና መለሰልኝ። «ምስክር ሌላ ይፈልጉ።»

«ሌላ የለም። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ታመምኩ ብለሽ ላኪባቸው። ቀጠሮ ይሰጣሉ። ፍርድ ቤት መቼ ቀጠሮ አጥቶ ያውቃል?»

«ሰውየው ክራንች ላይ ናቸው። ሁለት ጊዜ ተቀጥሯል። በዚህኛው ምስክር ካልቀረበ ሊዘጋ ይችላል ብለው ዐቃቤ ሕጉ ነግረዋቸዋል። ደግሞ መዋሸት አልፈልግም።»

ተነስቶ በረንዳው ላይ ተንጎራደደ። «ታዲያ እኛስ? ልትጥዪን ነው? ውጤቱን ማን ያቀርበዋል? ካልተገኘሽ ስምሽ ከጥናቱ ሽፋን ይወጣል፤ እነግርሻለሁ። ለማታቀርቢው ነገር እኔ ፈርሜ አላስረክብም።»

ይህ አናደደኝ። ግን ድምፄን አላነሳሁም። «ስሜ የገባው ስለማቀርብ ብቻ አይደለም፤ ስለሠራሁ ነው። ይሄው የምናገረው፣ ይሄው ጥያቄው። ነገና ማክሰኞ አብሬ አስጠናለሁ። የማርኩን ነገር መምህሩ ይወስኑ፤ አንተም እኔም አንወስንም።»

ሦስተኛዋን አባላችንን ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ከወለጋ መጥታ ቦሌ ቡልቡላ መንገድ አጠገብ አክስቷ ጋ የምትኖር ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም፤ ጽሑፉን በታይፕ የመታችው ግን እሷ ነበረች። አንዳችም አልተቆጣችም። መጥሪያውን አይታ «ሂጂ እንጂ፤ ምን ይጠየቃል?» አለችና ወረቀቱን እየመለሰችልኝ «ያንቺን ክፍል ስጪኝ» አለችኝ።

«ታቀርቢዋለሽ?»

«ካስጠናሽኝ።»

መሪያችን ከኋላችን ደርሶ ሰማት። እሷን ከላይ እስከ ታች አይቶ «አንቺ?» አለ። «እኔ» አለችው።

ወደ መምህሩ ቢሮ የገባሁት በዚያው ቀን በእረፍት ሰዓት ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያርማሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«ስሚ ልጄ። በየሴሚስተሩ የማቅረቢያ ሳምንት ሲደርስ የተማሪ ዘመድ ያልቃል። አንዷ ተማሪዬ አንዲት አያቷን ሁለት ጊዜ ቀብራለች።»

«እኔ የሞተብኝ የለም፣ መምህር። መጥሪያ ነው የያዝኩት።»

መነጽራቸውን አወረዱ። ወረቀቱን እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ። «መቼ ደረሰሽ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት።»

«ለጓደኞችሽ ነግረሻል?»

«ለአንደኛው ትናንት ቤቱ ሄጄ፣ ለሁለተኛዋ ዛሬ ጠዋት። የእኔን ክፍል እሷ ታቀርባለች። እርስዎ ከፈቀዱ እኔ ደግሞ ላቀርብ የነበረውን በሌላ ቀን ብቻዬን ልጠየቅ። ያለፈተና ማርክ ይሰጠኝ አልልም።»

መጥሪያውን መለሱልኝ። መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት ሳይሆን አይቀርም ያለሰለሳቸው። «የቡድኑ ቀን አይቀየርም» አሉ። «ከእናንተ በኋላ አራት ቡድን አለ። ግን ሰኞ በዚሁ ሰዓት ትመጫለሽ፤ እኔ እጠይቅሻለሁ። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መቅረብሽን የሚገልጽ ወረቀት ይዘሽ ነይ። ያለዚያ ዜሮ ነው።»

«እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅ? ስሜ ከሽፋኑ ይወጣል?»

«ማነው ያለው?»

መጥሪያዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሳቸውም አልገፉበትም። «ሥራውን የሠራ ሰው ስሙ ይቀመጣል። ለመሪያችሁ እንዲህ ብለዋል በዪው።»

ነገርኩት። «እንግዲያው ይሁን» አለና ፊቱን አዞረ። ግን ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት ከእኛው ጋር ላይብረሪው ጀርባ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ መምህሩን ሆኜ እጠይቃለሁ፤ እሷ ትመልሳለች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ማክሰኞ ላይ መሪያችን ራሱ ጥያቄ እየፈለሰፈ ያፋጥጣት ጀመር።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ጫማ ሰፊው ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። እኔን ከችሎቱ ውጭ እንድጠብቅ አደረጉኝ፤ ምስክር የሌላውን ቃል መስማት የለበትም። አራት ሰዓት ሲሆን ጓደኞቼ አሁን ሊያቀርቡ ተነስተዋል ብዬ አሰብኩ። አራት ተኩል ሲሆን አሁን የእኔ ክፍል ላይ ደርሰዋል አልኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስሜ ተጠራ።

ምዬ ያየሁትን ተናገርኩ። የሾፌሩ ጠበቃ ቆሞ «አውቶቡስ እየጠበቅሽ ነበር፤ ዓይንሽ አውቶቡሱ ላይ ነበር እንጂ እሳቸው ላይ አልነበረም፤ አይደለም?» አለኝ።

«አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር አልገባሁም። የሚቀጥለው ይመጣ እንደሆነ ከኋላው ያለውን መንገድ እያየሁ ነበር። ፒካፑም የመጣው በዚያው ነው።»

«ሰውየው እግራቸው የት ነበር?»

«ሁለቱም እግራቸው አፈር ላይ ነበር። አንዱ እግራቸው አስፋልት ላይ ቢሆን ኖሮ እሱንም እናገር ነበር።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። ጠበቃው ተቀመጠ። መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን እስኪጽፍልኝ ስድስት ሰዓት ሞላ።

ኮሌጅ ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር። ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሪያችን ካርቶኑን ጠቅልሎ ታቅፎታል።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«እኔ ተደናገርኩ» አለ ቀጥ ብሎ። «መሃል ላይ ጠፋብኝ። እሷ ተነስታ ቀጠለችው። ያለ ወረቀት! የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። መምህሩ ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፤ ሁለቱ ካንቺ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ሦስተኛውን ‹ይህን ያየችው እሷ ናት፤ ሰኞ ትመልስልዎታለች› አለቻቸው።»

እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ጠየቅኳት፤ እንዲህ መናገር የት ተማርሽ? ዙሪያዋን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሑድ እሑድ አክስቴ ቤት መጋረጃ ዘግተን እንጸልያለን» አለችኝ። «ቃሉን የማካፍለው እኔ ነኝ። ለማንም አትንገሪ።» የእነሱ፣ የጴንጤዎቹ፣ ጸሎት ቤት የተዘጋበት፣ በቤት መሰብሰብ የሚያሳስርበት ጊዜ ነበር። አልተናገርኩም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ክፍል ፊት ደፍሬ መታየቴን እንጃ።

ሰኞ መምህሩ የመዝገብ ቤቱን ወረቀት አይተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ያቺን የቀረችውን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ወረፋው ላይ ያልተገኘውን ሰው እንዴት አድርጋችሁ ጠየቃችሁ?»

ይህችን አላሰብኳትም ነበር። ወደ ጣሪያው አየሁ። ውሃ በጀሪካን የሚያስቀዱ ቤቶች ትዝ አሉኝ፤ ከወንዝ የሚቀዱትም። «አልጠየቅናቸውም» አልኩ። «ቦኖው ጋ የቆመውን ብቻ ነው ያየነው። ሥራችን እዚህ ጋ ጎደሎ ነው።»

«ጎደሎውን ማወቅሽ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ሌላ አራት ጥያቄ አከታተሉብኝና ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ ሦስታችንም አንድ ዓይነት የቡድን ማርክ አገኘን። በቃል ማርኩ ደግሞ እሷ ከሁለታችንም በለጠች፤ መሪያችን ይህን በክፍል ፊት ጮክ ብሎ ሲያነብ ድምፁ ውስጥ ቅናት አልሰማሁም።

ፍርዱ የተሰጠው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሾፌሩ ጥፋተኛ ተባለ። ጫማ ሰፊው ከፍርድ ቤት በተመለሱ ማግስት በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ጠሩኝ። ክራንቹን ትተው በአንድ ምርኩዝ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ትምህርትሽን አስተጓጎልኩብሽ፤ እናትሽ ነገረችኝ» አሉኝ።

«አላስተጓጎሉብኝም፣ ጋሼ። ጓደኞቼ ያዙልኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና እግሬን አዩ። የጫማዬ ሶል አፉን ከፍቶ ነበር። «አውልቂው» አሉ፤ በርጩማ አቀረቡልኝና እንደ ደንበኛ ቁጭ አልኩ።