የወደቀው ጣት

የእህቴ ልጅ በሁለቱም እጆቹ ስድስት ስድስት ጣት ይዞ ተወለደ። ትርፎቹ ከትንሿ ጣት ጎን እንደ ሽንብራ ተንጠልጥለዋል። እኔ ደስ አለኝ፤ የባሏ እናት ግን ሕፃኑን ገልጠው አዩና፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። ያሉት በሰፈር ሰው ፊት ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ገባው፤ እህቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከእህቴና ከባሏ ጋር ለክትባት ስንሄድ አማቷ ትርፎቹን አስረው ለመጣል ክር በቦርሳቸው ይዘው ተከተሉን። ሐኪሟ ክሩን ስታይ ሳቀች።

«እማማ፣ በክር አይታሰርም፤ ይቆስልበታል። ከፍ ሲል በቀላሉ እናነሳዋለን።» ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች። «እጅህን አሳየኝ እስቲ።»

ከትንሿ ጣቱ ጎን እንደ ምስር ፍሬ ያበጠ ነገር አለ።

«ኪንታሮት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ» አለ።

«በሁለቱም እጅህ? በተመሳሳይ ቦታ?»

ሁላችንም ወደ እናቱ ዞርን።

«አቦ ምን ታፈጡብኛላችሁ!» አሉ። «አዎ አስሬዋለሁ። ወደቀ፣ አለቀ! የወደቀ ነገር ይወረሳል እንዴ?»

«የወደቀው ጣቱ ነው እማማ፤ ትእዛዙ አልወደቀም» አለች ሐኪሟ። ትእዛዙ ዲኤንኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ፣ በአራት ፊደላት ቅደም ተከተል ተጽፎ በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገረችን። ልጅ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ይወስዳል። ለእንዲህ ያለ ጣት ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወላጅ የመጣ አንድ የትእዛዙ ቅጂ ይበቃል። አባትየው ደግሞ ካሉት ሁለት ቅጂዎች፣ ስድስተኛ ጣት ከሚያዘውና ከማያዘው፣ የትኛውን እንደሚያስተላልፍ ዕጣ ነው፤ ቀጣዩ ልጅ ባለ አምስት ሊሆን ይችላል።

እኔ በዚያ ሁሉ የግዕዝ ፊደል ሁለት መስመር ግጥም ማቃናት አቅቶኝ ስዞር፣ ለካ በአራት ፊደል ብቻ ሰው ይጻፋል! ክሊኒኩ ውስጥ መጮህ አማረኝ።

«ታዲያ እሱስ ከማን ወሰደው?» አልኩ።

 አሮጊቷ ቀስ ብለው የራሳቸውን እጅ ከነጠላቸው ሥር አወጡ። እዚያም ምስሯ አለች።

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ» አሉ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ከወደቀ በኋላ ማን ይቆጥረዋል!»

እህቴ ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች። ባሏ ግንባሩን ይዞ፣ «እማዬ፣ ጉድ ነሽ!» ይላል።

በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር አሮጊቷ ሕፃኑን ታቅፈው የሾፌሩን እጅ አጮልቀው ያዩ ነበር። እኔም የራሴን አየሁ፤ ባዶ ነው፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቶቹ በር ላይ ነበሩ። አሮጊቷ ገና ሳይወርዱ ያቺን ትንሽ እጅ ከነትርፏ ወደ ላይ አነሱ።

«የእኔ ናት!» አሉ። «የእኔ ጣት ናት! ምራቴን ምንም እንዳትሏት!»

ያሏት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያስታወሳቸው ሰው የለም። እህቴ ግን እየሳቀች እጇን ዘረጋች።

«ክሩን ይስጡኝ እማማ፤ የልብስ ቁልፍ እሰፋበታለሁ።»